እሳት መሃል የተቀመጠው ውሻ፦ ኤአይ የሚምን ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ እንዴት ያነባል?

ቤቱ ተያይዟል። ነበልባሉ ግድግዳውን ይልሳል፣ ጭሱ ጣሪያውን ሸፍኖታል። መሃል ላይ ቆብ ያደረገ ውሻ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ኩባያ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ፈገግታ አለ። ይህን ሥዕል አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ኬ.ሲ. ግሪን በ2013 ሣለው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቋንቋ እየተዘዋወረ የሚገኝ ሚም ሆኗል። እንግዲህ በዚህ ሥዕል ላይ በነጭ ፊደል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ተብሎ ተጽፎ በቴሌግራም ደረሰን እንበል።

አማርኛ የሚናገር ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሰላምታ ወጋችን ነው። ቤት ኪራይ ጨምሮ፣ ልጅ ታሞ፣ ሥራ ጠፍቶም «እንዴት ነህ?» ሲባል መልሱ ያው ነው። ጽሑፉ ብቻውን ቢነበብ ተራ የሰላምታ መልስ ነው፤ ሥዕሉ ብቻውን ቢታይ ቃጠሎ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱም ለብቻው ያልተናገረው ሦስተኛ ነገር ይወጣል፤ ደህና ያልሆነ ሰው ደህና ነኝ እያለ ነው። ይህን ምስል ለኤአይ መሣሪያ የላከ ሰው ብዙ ጊዜ ቀልዱን የተረዳ መልስ ያገኛል። መሣሪያው ዓይን የለው፣ ሳቅ አያውቅ፤ ታዲያ ይህ እንዴት ይሆናል?

ከምስሉ እንጀምር። ለኮምፒውተር ሥዕል ማለት የቁጥር ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥር አለው፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አሠራሩ በይፋ የታተመውን ላቫ የተባለ ሞዴል እንውሰድ። የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2023 የሠሩት ነው። ከዚህ ሞዴል ስሪቶች አንዱ የተላከለትን ምስል መጀመሪያ ወደ 336 በ336 ፒክስል ያሳንሰዋል። ከዚያ በቁመት 24፣ በወርድ 24 አድርጎ ይከፋፍለዋል። በጠቅላላው 576 ትንንሽ ካሬዎች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ካሬ 14 በ14 ፒክስል ነው። የውሻችን ጆሮ ከነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹን ይይዛል፣ እሳቱ ብዙዎቹን ይይዛል፣ ጽሑፉም የራሱን ድርሻ ይይዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በዚህ ዓይነት ሞዴል ውስጥ «ይህ ሥዕል ነው፣ ይህ ጽሑፍ ነው» ብሎ የሚለይ በረኛ የለም። «ደህና» የሚለው ቃል በሥዕሉ ላይ ሲጻፍ ፊደል መሆኑ ቀርቶ በጥቁር ጭስ ላይ ያረፈ ነጭ ቅርጽ ሆኗል። የ«ደ» ግማሽ በአንዱ ካሬ፣ ሌላው ግማሽ በጎረቤቱ ካሬ ሊወድቅ ይችላል። ካሬው ሁሉ፣ እሳትም ይያዝ ፊደልም ይያዝ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ወደ ረጅም የቁጥር ረድፍ ይለወጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አቴንሽን ይባላል፤ ትኩረት ማለት ነው። እያንዳንዱ ካሬ የሌሎቹን ካሬዎች ቁጥር ሁሉ ያያል፣ ለራሱ ጠቃሚ የሆነውን መዝኖ ይወስዳል፣ የራሱንም ቁጥር ያስተካክላል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በተደራረቡ በርካታ ደረጃዎች ይደገማል። መጀመሪያ ላይ «ነጭ መስመር አለብኝ» ከማለት የማያልፍ ካሬ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲገናኝ የፊደል አካል መሆኑን፣ ቀጥሎም የአንድ ቃል አካል መሆኑን የሚያመለክት ቁጥር ይይዛል። ብርቱካናማው ካሬም እንዲሁ፤ ከላዩ ጭስ፣ ከሥሩ ወለል ሲያገኝ ብርቱካን ወይም የማታ ፀሐይ የመሆን ዕድሉ ይቀንስና እሳት መሆኑ ይጎላል።

ቁጥሮቹ ይህን ትርጉም ከየት አመጡት? ላቫ ለዓይንነት የተዋሰው ክሊፕ የተባለውን ሞዴል ነው። ክሊፕን ኦፕንኤአይ በጥር 2021 አወጣው። የሠለጠነው ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ 400 ሚሊዮን ጥንዶች ነው፤ ጥንድ ማለት አንድ ምስልና አብሮት የተጻፈው መግለጫ ነው። ሥልጠናው ቀላል ደንብ ነበረው፤ የምስሉና የራሱ መግለጫ ቁጥሮች ይቀራረቡ፣ ከሌሎች መግለጫዎች ጋር ያሉት ይራራቁ። የውሻ ፎቶ «ውሻ» ወደሚለው ቃል ተጠጋ፣ ከ«አውሮፕላን» ራቀ። በብዙ ምስሎች ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ፤ የሱቅ ስም፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ ማስታወቂያ። መግለጫቸውም ያንኑ ቃል ይደግማል። ስለዚህ ሞዴሉ ማንም ፊደል ሳያስቆጥረው በምስል ላይ ያለ ጽሑፍ ማንበብን በመጠኑ ተማረ። ግን የተማረው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ጥንዶቹን ለመሰብሰብ ያገለገሉት የመፈለጊያ ቃላት ራሳቸው ከእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የተውጣጡ ነበሩ። የእኛን ፊደል በደንብ ያላየ ዓይን ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ መሣሪያዎች በብዙ ቋንቋ ስለሠለጠኑ የተሻሉ ናቸው፤ ልዩነቱ ግን ገና አልጠፋም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የመጨረሻው እርምጃ ከቋንቋ ጋር ማገናኘት ነው። 576ቱ ካሬዎች ቁጥራቸው የቋንቋ ሞዴሉ ቃላትን በሚያውቅበት መልክ ይቀየራል። ከዚያ ልክ ቃላት የሆኑ ይመስል በሰልፍ ይገባሉ፤ እነሱን ተከትሎ ሰውየው የጻፈው መልእክት ይገባል። ሞዴሉ መልሱን አንድ በአንድ፣ ቃል ከቃል እያስከተለ ይጽፋል። እያንዳንዱን ቃል ሲመርጥ ካሬዎቹንም፣ የሰውየውን መልእክትም፣ እስካሁን የጻፈውንም ባንድነት ይመዝናል። ሥዕሉና ጽሑፉ የሚገናኙት እዚህ ነው። «ደህና ነኝ» የሚለው አባባል ሞዴሉ ባነበበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሰላም ጋር ይሄዳል። ከእሳትና ከጭስ ጋር ሲመጣ ግን ሰዎች በምጸት የሚጽፉበት ሁኔታ ይሆናል። ስለዚህ ቀጥሎ ሊመጡ የሚችሉት ቃላት ሚዛን ይለወጣል። «ደህና በመሆንህ ደስ ብሎኛል» ወደሚል መልስ የሚወስደው መንገድ ይጠባል፣ ምጸቱን ወደተረዳ መልስ የሚወስደው ይሰፋል።

አንድ ላይ ማንበብ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚያሳይ የታወቀ ፈተና አለ። በ2020 ፌስቡክ ከ10,000 በላይ ሚሞችን አዘጋጅቶ ጥላቻ ያለበትን ከሌለበት የሚለይ ሞዴል ለሚሠሩ የ100,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። ፈተናው በብልሃት የተሠራ ነው። ለምሳሌ «ስንት ሰው እንደሚወድህ ተመልከት» የሚል ጽሑፍ ሰው በሌለበት በረሃ ላይ ሲያርፍ ስድብ ነው፤ ያው ጽሑፍ በሕዝብ በተሞላ ቦታ ላይ ሲያርፍ ምስጋና ነው። ቃሉን ብቻ የሚያነብ ሞዴል ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም፤ ምስሉን ብቻ የሚያይም እንዲሁ፣ በረሃ በራሱ ማንንም አይሰድብምና። አዘጋጆቹ ባሳተሙት ውጤት ሰዎች ወደ 85 ከመቶ ሲያገኙ፣ ጽሑፉን ብቻ የሚያነበው ሞዴል 59፣ ምስሉን ብቻ የሚያየው 52 ገደማ አገኘ። በሳንቲም ዕጣ ቢጣል እንኳ ወደ 50 የሚጠጋ ይገኛል። ያኔ ሁለቱን አጣምሮ ከሚያነቡት መነሻ ሞዴሎች የተሻለው ራሱ ወደ 65 ብቻ ነበር የደረሰው።

በመጋቢት 2023 የጂፒቲ-4 ዘገባ ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። በዘገባው ውስጥ ከቀረቡት ምሳሌዎች አንዱ ሚም ነበር። ጽሑፉ ምድር ከጠፈር ስትታይ ስላላት ውበት በአድናቆት ያወራል፤ ምስሉ ግን በዓለም ካርታ ቅርጽ የተደረደረ የተጠበሰ የዶሮ ሥጋ ቁራጭ ነው። ሞዴሉ ቀልዱ ከሁለቱ አለመገጣጠም እንደሚመጣ በቃላት አስረዳ።

ሆኖም ለኛ ለተጠቃሚዎች አንድ ጥያቄ ይቀራል። የኬ.ሲ. ግሪን ውሻ ዝነኛ ነው። ስለ እሱ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ ሞዴሉ ሥዕሉን እንዳወቀ ትርጉሙን ከትዝታው ሊያወጣ ይችላል። ያ ከምስሉ ማንበብ አይደለም። እውነተኛውን ችሎታ ለማየት ማንም ያልተረጎመው አዲስ ሚም ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ በስልክ መሥራት ይቻላል። በሰፈር ቧንቧ አጠገብ የተሰለፉ ቢጫ ጀሪካኖችን ፎቶ አንሥተን ላዩ ላይ «ዛሬ ገላዬን የምታጠብበት ቀን ነው» ብለን እንጻፍ። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ውሃ ጠፍቷል፣ መታጠቡም ሕልም ሆኗል። ሞዴሉ ግን ብዙ ድልድይ መሻገር አለበት። ቢጫዎቹ ነገሮች ጀሪካን መሆናቸውን፣ በዚያ መልክ መሰለፋቸው የውሃ ወረፋ መሆኑን፣ ወረፋ ካለ ቧንቧው እንደደረቀ፣ ቧንቧ ከደረቀ ጽሑፉ ምጸት እንደሆነ። ከነዚህ አንዱ ከተሰበረ መልሱ ስለ ንጽሕና ጥቅም የሚያወራ ደስተኛ ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

ከዚያ ያንኑ ጽሑፍ ሳንለውጥ፣ ውሃ እየወረደበት ባለ የሻወር ፎቶ ላይ አድርገን በአዲስ ውይይት እንላከው። አሁን ምጸት የለም። መሣሪያው ለሁለቱም ተመሳሳይ የሳቅ መልስ ከሰጠ፣ ሚም የሚመስል ነገር ሲያይ መሳቅን ተማረ እንጂ ምስሉን አላነበበም። መልሱ ከተለያየ፣ በእርግጥ ሁለቱን አገናኝቷል። በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ የቤት ውስጥ ፈተና የለም፤ የፌስቡክ ፈተና ያረፈበት ሐሳብም ይኸው ነው።

አሁን ወደ መልሱ ቃና እንሂድ። ቀልዱን መረዳት አንድ ነገር ነው፣ በምን ድምፅ እንደሚመለስ ማወቅ ሌላ ነው። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የተቀመጡትን ፊት ያያል፤ ኤአይ ፊት ስለማያይ በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ምልክቶች ብቻ ይይዛል። ምልክቶቹ ከሚሙ ጋር የተላከው መልእክት፣ ኢሞጂው፣ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት፣ ከዚያ በፊት የነበረው ውይይት ናቸው። ያንኑ የውሻ ሚም አንዱ በሳቅ ኢሞጂ አጅቦ «የፈተና ሳምንት» ብሎ ሊልከው ይችላል። ሌላው ደግሞ ከሥራ መሰናበቱን በሦስት መልእክት ከተናገረ በኋላ ያለ ምንም ቃል ሊልከው ይችላል። ምስሉም ጽሑፉም አንድ ነው። ለመጀመሪያው አጭርና ተጫዋች መልስ ይገባል። ለሁለተኛው ቀልዱን አይቶ የማያልፍ፣ ነገር ግን ወደ ሰውየው ጭንቀት የሚመለስ መልስ ነው የሚገባው። ሞዴሉ ቀጣዩን ቃል ሲመርጥ የቀደሙትን መልእክቶች ሁሉ ስለሚመዝን ይህን ልዩነት ሊይዝ ይችላል፤ የተቀመጠለት የተለየ «የስሜት ማወቂያ» ኖሮት አይደለም።

ይህን ምርጫ የሚያስተካክለው ሥልጠናም አለ። ኦፕንኤአይ በ2022 ባሳተመው ጥናት 40 ያህል ቅጥር ሠራተኞች ለአንድ ጥያቄ የቀረቡ በርካታ መልሶችን እያነጻጸሩ ከተሻለው እስከ ባሰው ደረጃ ሰጡ። ከዚያ ደረጃ የሰዎቹን ምርጫ የሚተነብይ ሁለተኛ ሞዴል ተሠራ፣ ዋናው ሞዴልም ያንን እንዲያስደስት ሠለጠነ። ለሚም ረጅም ማብራሪያ የሚሰጥ መልስ ሰዎች ዝቅ ካደረጉት፣ ሞዴሉ ማሳጠርን ይማራል። ልብ የሚባለው ግን ይህ ነው፤ በዚያ ጥናት ከጥያቄዎቹ ከ96 ከመቶ በላይ የሚሆኑት እንግሊዝኛ ነበሩ። ጨዋታ የት እንደሚያበቃ፣ ድፍረት የት እንደሚጀምር የተለካው በዚያ ቋንቋ ወግ ነው።

በአማርኛ ይህ ቶሎ ይታያል። እንግሊዝኛ የሚያነጋግረውን ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራል፤ እኛ ግን አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ሳንል አንዲት ግስ መጨረስ አንችልም። «ደክሞኛል» ያለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከግሱ አይታወቅም፤ በአማርኛ አንደኛ መደብ ጾታ አይለይም። የውሻው ሥዕልም አይነግርም። ስለዚህ መሣሪያው መገመት አለበት፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ወደ «አንተ» ያደላል። አንዲት እናት የላኩትን ሚም «አይዞህ ወንድሜ» ብሎ የሚመልስ መሣሪያ ቀልዱን በትክክል አንብቦም ቃናውን አበላሽቷል። በተቃራኒው ለእኩያ ጓደኛ ጨዋታ በ«እርስዎ» የሚመልስም አለ፤ ያ ደግሞ ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል።

ስህተቶቹ ከየት እንደሚመጡ ካወቅን በቀላሉ እንለያቸዋለን። በአማርኛ ሚም ከሁሉ የሚበዛው የንባብ ስህተት ይመስለኛል። 1080 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል ወደ 336 ሲወርድ ከሦስት ጊዜ በላይ ያንሳል። 30 ፒክስል ቁመት የነበረው ፊደል ወደ 9 ገደማ ይወርዳል። በፊደላችን «ላ» እና «ሉ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ምልክት ነው፤ ያች ምልክት ከአንድ ፒክስል ብዙም አትበልጥም። «በላ» እና «በሉ» ሲምታቱ አንድ ሰው የሠራው ሥራ ለብዙ ሰው ይሰጣል፣ ወይም ወሬ የነበረው ትእዛዝ ይሆናል። ስክሪንሾት እየተደረገ በተደጋጋሚ የተጫነ ሚም ደግሞ ከመጀመሪያውም ፊደሉ ፈዟል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ይህን ለመቀነስ ትልቁን ምስል በበርካታ ክፍል ቆርጠው እያንዳንዱን በሙሉ ጥራት ያነቡታል፣ ጠቅላላውንም አሳንሰው አብረው ያያሉ። ያም ሆኖ አደጋው ያለው ሞዴሉ ማንበብ ሲያቅተው ዝም አለማለቱ ነው። የሚገመተውን ቃል አስገብቶ ባልተጻፈ ጽሑፍ ላይ ያማረ ማብራሪያ ይጽፋል።

ሁለተኛው ስህተት ጽሑፉ ሥዕሉን ሲውጠው ነው። በመጋቢት 2021 የኦፕንኤአይ ተመራማሪዎች አንድ ፖም ላይ iPod የሚል ቃል በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ለጠፉ። ክሊፕ ፖሙን አይፖድ ነው አለ። ምስልና ቃል አብሮ የተማረ ዓይን ለተጻፈው ነገር ከሚገባው በላይ ያደላል። ሚም ደግሞ ዋና ሥራው በሥዕል ላይ የማይገጥም ስም መለጠፍ ነው። አንዱን ሰው «እኔ»፣ ሌላውን «ደመወዜ» ብሎ የሚሰይም ሚም ላይ መሣሪያው ማን ማን እንደሆነ ሲያቀያይር ይታያል፤ ቃላቱን በሙሉ በትክክል ቢያነብም የትኛው በማን ላይ እንዳረፈ ከሳተ ቀልዱ ይገለበጣል።

ስለዚህ በአማርኛ ሚም ላይ የኤአይ አስተያየት የሚፈልግ ሰው፣ በተለይም ሚሙ ሰውን ይሰድብ እንደሆነ ለመወሰን የሚጠቀምበት ከሆነ፣ ትርጉሙን ከመጠየቁ በፊት መሣሪያው በምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እንዲገለብጥ ያድርገው። ግልባጩ ከተሳሳተ ቀጥሎ የሚመጣውን ማብራሪያ ሁሉ ይተወው። ግልባጩ ከተስተካከለ በምስሉ ላይ ማን የት እንዳለና የትኛው ቃል በማን ላይ እንደተጻፈ ያስዘርዝረው። መልሱን በምን ድምፅ እንደሚፈልግ፣ አንተ ይሁን አንቺ ወይም እርስዎ፣ በመጀመሪያው መልእክት ይጻፍለት፤ ይህን ከሥዕሉ ሊያውቀው አይችልም።